የአንደኛ ክፍል ልጆች የዘር ዕድገትን በየቀኑ እየሳሉ የሚመዘግቡበት ቅጽ፦ አዘገጃጀቱና አጠቃቀሙ

ለአንደኛ ክፍል ልጆች ባዶ ወረቀት ሰጥተን «የተከላችሁትን ዘር ሳሉ» ስንላቸው ብዙዎቹ በሁለተኛው ቀን አበባ ይስላሉ። ሁለት ቅጠል፣ ክብ አበባ፣ ከላይ ፀሐይ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ውኃ ጠጥቶ ያበጠ ቦሎቄ ብቻ ነው። ልጁ ዋሽቶ አይደለም፤ «ተክል» ሲባል በአእምሮው ያለውን ሥዕል ነው ያወጣው። ቅጹ የሚዘጋጀው ለዚህ ነው፦ ልጁ በአእምሮው ያለውን ትቶ ዛሬ በዓይኑ ያየውን እንዲያሰፍር። የመስመሩ ቦታ፣ የወረቀቱ አስተጣጠፍ፣ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ሁሉም ወደዚያ ሊመራው ይገባል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር በቦሎቄ ላይ የተመሠረተና አሥር የትምህርት ቀናት፣ ማለትም ሁለት ሳምንት የሚወስድ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያስፈልገው በፊትና በጀርባ የተባዛ አንድ ኤ-4 ወረቀት ነው።

ዘሩንና ጠርሙሱን ማዘጋጀት

ቦሎቄ የምመርጠው ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሲበቅል ፍሬው ራሱ ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልጆች ይህን አይጠብቁትም። ባቄላና አተር እንዲህ አያደርጉም፤ ፍሬያቸው ከተተከለበት ሳይነሣ ቡቃያው ብቻ ይወጣል። ሆኖም አካባቢዎ ብርዳማ ደጋ ከሆነ ባቄላ ይሻላል፤ ቦሎቄ ሙቀት ይወዳልና ሌሊቱ በጣም በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ ቀናት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ሳይበቅል ይበሰብሳል።

ዘሩን ከገበያ፣ ለምግብ ከሚሸጠው ይግዙ። ለእርሻ ተብሎ የሚሸጥ፣ ሮዝ ወይም ቀይ መድኃኒት የተቀባ ዘር ወደ ክፍል ፈጽሞ አይግባ፤ ቀለሙ ፀረ ተባይ ወይም ፀረ ሻጋታ መርዝ እንዳለው ምልክት ነው። ነቀዝ የበሳውን፣ የተሰነጠቀውንና የተጨማደደውን ለቅመው ያውጡ። ጥሬ ቦሎቄ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ልጆቹ እንዳይቀምሱት አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ከነኩት በኋላም እጃቸውን ይታጠቡ።

መያዣው ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ፣ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው ነው። ከሥሩ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ትተው የላይኛውን ክፍል ይቁረጡ። ቆረጣው የአዋቂ ሥራ ነው፤ የተቆረጠው ጠርዝ ስለታም ስለሚሆን በፕላስተር ይሸፍኑት። ከዚያ በውስጠኛው ግድግዳ ዙሪያ ጨርቅ ያስጠጉና መካከሉን በታጠበ አሸዋ ይሙሉት። አሸዋው ጨርቁንና ዘሩን ወደ ግድግዳው ይገፋቸዋል፤ እርጥበት ይይዛል፤ ጠርሙሱም በልጅ ክንድ ተነክቶ እንዳይገለበጥ ክብደት ይሰጠዋል።

በብዙ መመሪያዎች ላይ ነጭ ጥጥ ወይም ሶፍት ተጠቀሙ ይባላል። እኔ አልስማማም። ሥሩ ነጭ ነው፤ በነጭ ላይ ነጭ ደግሞ ለልጅ ዓይን አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ቀለሙ የማይለቅ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን ግን የግማሽ ሴንቲ ሜትር ሥር እንኳ ከሩቅ ይለያል። ሶፍትም ከረጠበ በኋላ ይበጣጠሳል።

በአንድ ጠርሙስ ዙሪያ 4 ዘሮች ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ለአራት ልጆች ነው። ስልሳ ልጆች ባሉበት ክፍል 15 ጠርሙስ ይበቃል። ከየዘሩ በላይ በጠርሙሱ ውጪ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይጻፉ፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ዘር ይኖረዋል። «የቡድናችን ተክል» ሲባል የሚያየው አንዱ ልጅ ብቻ ሆኖ ሌሎቹ ከእሱ ይቀዳሉ፤ «የእኔ ሦስት ቁጥር» ሲባል ግን ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያያል። ለመጠባበቂያ ሁለት ጠርሙስ ተጨማሪ በዚያው ቀን ያዘጋጁ።

ዘሩ የሚቀመጠው ከጠርሙሱ አፍ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በጨርቁና በግድግዳው መካከል ነው። በዚያ ቁመት ልክ በጠርሙሱ ዙሪያ በማይለቅ ማርከር መስመር ያስምሩ። ይህ መስመር ከቅጹ ጋር የሚያያዝ ስለሆነ አይዘለል። ውኃው ከታች ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይሁን፤ ጨርቁና አሸዋው ወደ ላይ ይስቡታል። ዘሩ ውኃ ውስጥ ከተዘፈቀ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ቅጹን መሥራት

ወረቀቱን በአግድም ይያዙና በአምስት ቋሚ ዓምዶች ይክፈሉት። እያንዳንዱ ዓምድ ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይኖረዋል። ጠባብና ረጅም መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፤ ተክል ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን ብዙ አይሄድም፤ ፀሐይ፣ ቤትና ደመና ለመጨመርም ቦታ አይተርፍም። የፊት ገጹ ለመጀመሪያው ሳምንት፣ ጀርባው ለሁለተኛው ነው።

በየዓምዱ አናት 2 ሴንቲ ሜትር ለቀኑ ስም ይተዉ። «ሰኞ»፣ «ማክሰኞ» የሚለውን እርስዎ አስቀድመው ይጻፉት፤ ልጁ ጊዜውን ቀን በመጻፍ እንዳይጨርስ። ከታች 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ለጽሑፍ ይተዋል። መካከሉ ለሥዕል ነው።

በፊት ገጹ፣ በሥዕሉ ቦታ አጋማሽ ላይ፣ አምስቱንም ዓምዶች የሚያቋርጥ አንድ አግድም መስመር ያስምሩ። ይህ በጠርሙሱ ላይ ያሰመሩት መስመር ነው። ዘሩ እመስመሩ ላይ ይሳላል፤ ከታች የወጣ ከታች፣ ከላይ የወጣ ከላይ። በዚህ ሳምንት ሥዕሉ ከዘሩ ትክክለኛ መጠን ጋር እኩል ነው፤ ልጁ ደረቁን ቦሎቄ ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ማስተያየት ይችላል።

በሁለተኛው ሳምንት ተክሉ በዚያ ልክ ከወረቀቱ ይወጣል። ስለዚህ በጀርባው ገጽ በየዓምዱ ታችኛ ክፍል የጠርሙሱን ቅርጽ በግማሽ መጠን፣ 6 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርገው ይሳሉ፤ ከአፉ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎም የዘሩን መስመር ያስምሩ። ለልጆቹ «ባለፈው ሳምንት ቀርበን አየን፣ አሁን ራቅ ብለን ሙሉ ጠርሙሱን እናያለን» ማለት ይበቃል። መስመሩን ግን አይተዉት። ቦሎቄው ከነበረበት ተነሥቶ መውጣቱ በሥዕሉ ላይ የሚታወቀው የነበረበት ቦታ ምልክት ካለ ብቻ ነው።

ከሥዕሉ በታች ሁለት ነገር ብቻ ይኑር። አንደኛው ሁለት ትንንሽ ክቦች ናቸው፦ በአንዱ ሥር «ተለወጠ»፣ በሌላው ሥር «አልተለወጠም» ይጻፋል፤ ልጁ አንዱን ያጠቁራል። «አልተለወጠም» የሚለው የግድ መኖር አለበት። ከሌለ ልጁ ምንም ባልተለወጠበት ቀን ለውጥ ይፈጥራል። ሁለተኛው «ዛሬ ______ አየሁ።» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። በባዶው የሚሞሉትን ቃላት፣ ዘር፣ ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ ከትንሽ ሥዕል ጋር በግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ፊደሉን ገና ያልተማሩት ልጆች የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ቢጽፉ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚጻፍ ነገር፣ ለምሳሌ የአየር ሁኔታ፣ የውኃ መጠን፣ «ስሜቴ» የሚል ሳጥን፣ አይጨምሩ፤ የሚያጨናንቀው ማየቱን ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱን በዓምዶቹ መስመር ላይ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያደረጉ ይጠፉት። ልጁ ዛሬ ሲስል የዛሬው ዓምድ ብቻ ከላይ ይሆንና የትናንቱ ከኋላ ይደበቃል። ሳይታጠፍ ከቀረ ብዙ ልጆች የትናንቱን ሥዕል ይቀዱና ትንሽ ያረዝሙታል፤ ለአዋቂ በጣም ንጹህ ዕድገት ይመስላል፣ ግን ጠርሙሱን ያየ የለም።

ፎቶ ኮፒ የማይገኝ ከሆነ ዓምዱንና የጠርሙሱን ቅርጽ ከካርቶን ቆርጠው ልጆቹ በደብተራቸው ላይ ዙሪያውን እንዲያሰምሩ ማድረግ ይቻላል። በደብተር ሲሆን ለአንድ ቀን አንድ ገጽ ይስጡት፤ ገጹ ሲገለበጥ የትናንቱ ይደበቃል።

የየቀኑ ሥራ

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢቻል ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። እርሳስ ከእጃቸው ሳይገባ በፊት ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይዩ። ቀጥሎ አጠገባቸው ላለው ልጅ ያዩትን ይንገሩ። ከዚያ በኋላ ይስላሉ። ላጲስ አይሰጥ፤ ላጲስ ያለው ልጅ አሥሩን ደቂቃ አንድ መስመር በማሳመር ይጨርሰዋል። ቀለም ካለ ጠርሙሱ ውስጥ የሚታዩት ቀለሞች ብቻ ይሰጡ፤ አረንጓዴ እርሳስ መታደል ያለበት አረንጓዴ ነገር የታየ ዕለት ነው።

እርስዎ በዚህ ሰዓት በሰሌዳ ላይ ምንም አይሳሉ። የመምህሩ ሥዕል ሰሌዳ ላይ ካለ የሁሉም ልጅ ሥዕል እሱን ይሆናል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ «ትናንት ያልነበረ፣ ዛሬ ያለ ምን አለ?» እና «ትናንት የነበረ፣ ዛሬ የጠፋ ምን አለ?» ሁለተኛው ይረሳል፤ ግን ቅርፊቱ መውደቁን፣ ክኮቹ ማለትም የፍሬው ሁለት ግማሾች መኮማተራቸውን ልጆች የሚያዩት በእሱ ነው። «ሥሩ ወጣ አይደል?» ብለው ከጠየቁ «አዎ ቲቸር!» ከሚል ጩኸት በስተቀር የሚያገኙት የለም።

በሁለተኛው ቀን ቅጠል የሳለ ልጅ ሲያጋጥም «ስህተት ነው» አይበሉት፣ በቀይም አያስምሩበት። ጠርሙሱን አጠገቡ አድርገው ጣትዎን በሥዕሉ ቅጠል ላይ ያሳርፉ፦

«ይሄን አሳየኝ እስቲ። ጠርሙሱ ላይ የት ነው ያለው?»

«እ… የለም። ግን ይወጣል።»

«እውነትህን ነው፣ ይወጣ ይሆናል። የወጣ ቀን ትስለዋለህ። አሁን ያለውን ከጎኑ ሳልልኝ።»

ልጁ የሚገምተውን መናገሩ ጥሩ ነው፤ በቃል ይናገር፣ ከፈለጉ እርስዎ በሌላ ወረቀት ይመዝግቡለት። በቅጹ ላይ ግን ግምት አይግባ።

የአንድ ዘር አሥር ቀን

ክፍሉ ቀን ቀን ሞቅ ብሎ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ከሆነ የሦስት ቁጥሩ ዘር ቅጽ ይህን ይመስላል። የመነሻው ቀን ሰኞ ነው፤ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከተጀመረ የሥሩ አወጣጥ ቅዳሜና እሑድ ላይ ይወድቅና ማንም ሳያየው ያልፋል።

ሰኞ ደረቁን ዘር ይስላሉ፤ ትንሿን፣ ጠባሳ የምትመስለውን ነጭ ነጥብ ማን እንደሳላት ይዩ። ቀትር ላይ ዘሩ ውኃ ውስጥ ይነከርና ያድራል፤ ከ24 ሰዓት በላይ ግን አይቆይ። ማክሰኞ ጠዋት ዘሩ በግልጽ ተልቋል፣ ቅርፊቱ እዚህም እዚያም ተሸብሽቧል። ይሳላል፣ ወደ ጠርሙሱ ይገባል። ዘሮቹ በተለያየ አቅጣጫ፣ አንዱ ነጥቡ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሆነው ይቀመጡ፤ በኋላ የሁሉም ሥር ወደ ታች መዞሩን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ረቡዕ ከባዱ ቀን ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታይ ለውጥ የለም። «አልተለወጠም» የሚለው ክብ የሚጠቁርበት ቀን ይህ ነው፤ ያጠቆሩትን ልጆች በስም ጠርተው በትክክል እንዳዩ ይንገሯቸው። ሐሙስ ከነጥቧ አጠገብ ነጭ ጫፍ ብቅ ይላል። ዓርብ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ረዝሞ ወደ ታች ታጥፏል። ዓርብ ከመውጣትዎ በፊት ውኃውን ቀይረው ሁለት ጣት ድረስ ይሙሉ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሊቀድምና ውኃውም እስከ ሰኞ ሊደርቅ ስለሚችል ጠርሙሶቹ ጥላ ውስጥ ይደሩ።

በሁለተኛው ሰኞ ክፍሉ ይጯጯሃል። ሥሩ ቅርንጫፍ አውጥቷል፤ ከላይ ደግሞ ነጣ ያለ ግንድ እንደ ምርኩዝ እጀታ ቆልመም ብሎ ወጥቷል። ቅዳሜና እሑድን ልጆቹ በግምት እንዳይሞሉ ያስጠንቅቁ፤ ያላየነውን አንስልም። ማክሰኞ ቆልማማው ጠርሙሱ አፍ ይደርሳል፤ ፍሬው ከመስመሩ ተነሥቷል። «ዘሩ የት ሄደ?» ብለው ይጠይቁና ሥዕላቸው ላይ ያለውን መስመር ያሳዩአቸው። ረቡዕ ግንዱ ይቃናል፣ ቅርፊቱ ይወድቃል፣ ሁለቱ ክኮች ይከፈታሉ። ሐሙስ ከመካከላቸው ሁለት እውነተኛ ቅጠሎች ይዘረጋሉ፤ አረንጓዴ እርሳስ ቀደም ብሎ ካልተሰጠ ዛሬ ይሰጣል። ዓርብ ቅጠሎቹ ሰፍተዋል፤ ክኮቹ ግን ሳስተው መጨማደድ ጀምረዋል። ተክሉ እስካሁን ያለ አፈር ያደገው በእነሱ ውስጥ ያለውን ምግብ እየበላ ስለሆነ ነው፤ ይህን ለልጆቹ መንገር የሚገባው መኮማተሩን ከሳሉ በኋላ ነው።

ከሁለተኛው ሰኞ ጀምሮ ቁመቱንም ማስለካት ይቻላል፤ ማስመሪያ ግን አያስፈልግም። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ቁራጭ ከዘሩ መስመር እስከ ተክሉ ጫፍ ይያዝና በዚያ ልክ ይቆረጣል። የየቀኑን ቁራጭ በትልቅ ወረቀት ላይ ከአንድ መስመር ተነሥተው ጎን ለጎን ይለጥፉ። ለቡድኑ አንድ ዘር መለካት ይበቃል። አንድ ቀን ካልተለካ ቦታውን ባዶ ይተዉት፤ ከተጠጋጋ ተክሉ በአንድ ሌሊት የዘለለ ይመስላል።

ሲበላሽ

ካልበቀለው ዘር ጋር የተመደበው ልጅ ያለቅሳል። ዘሩን በድብቅ አይቀይሩበት። እስከ መጀመሪያው ዓርብ ያየውን ይመዝግብ፤ ሰኞ ምንም ከሌለ ከመጠባበቂያው ጠርሙስ አንድ ዘር ይሰጠው፤ ቅጹ ላይም «አዲስ ዘር» ተብሎ ይጻፍ። የመጀመሪያው ሳምንት ገጹ ሙሉ ምዝገባ ነው፣ አይጣልም። አብዛኞቹ ዘሮች ካልበቀሉ ግን ችግሩ የጋራ ነው፦ ዘሩ አሮጌ ነው፣ ወይም ውኃው ከዘሩ በላይ ደርሷል፣ ወይም ሌሊቱ በርዷል። ለብርዱ ጠርሙሶቹን ማታ ማታ ካርቶን ውስጥ ከትቶ በጨርቅ መሸፈን ይረዳል።

በሥሩ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ሲታይ ብዙ መምህራን ሻጋታ መስሏቸው ይጥሉታል። ከሥሩ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በዙሪያው እኩል ሆኖ የሚታየው ስስ ጉም የሥሩ ፀጉር ነው፤ ውኃ የሚጠጣው በእሱ ነው፤ ውኃ ጠብ ቢያደርጉበት ተጣብቆ ከዓይን ይጠፋል። ሻጋታ ግን ብዙውን ጊዜ ከቅርፊቱ ይጀምራል፣ እንደ ቅርጹ ሳይሆን በዘፈቀደ ይስፋፋል፣ ወደ ግራጫ ይለወጣል፣ ጠርሙሱም ይሸታል። እሱን ዘር በቶሎ ያውጡት፤ እጅዎን ይታጠቡ፤ የቀሩትን ውኃ ይቀይሩ።

ቅጹን ማንበብ

በመጨረሻው ዓርብ ወረቀቱ ይዘረጋል። ልጁ በፊትና በጀርባ ያሉትን አሥሩን ዓምዶች በጣቱ እየተከተለ ለጓደኛው ይተርክ፤ እርስዎ አጠገቡ ሆነው ያድምጡ። የሥዕሉን ውበት አይመዝኑ። የሚመዘነው ይህ ነው፦ ዘሩ እመስመሩ ላይ ነው? ሥሩ ከፍሬው ከወጣበት ቦታ ነው የተሳለው? ባልተለወጠበት ቀን «አልተለወጠም» ብሏል? የሥሩ ቅርንጫፎች አሉ? ሥዕሉ ከራሱ ዘር ጋር ይመሳሰላል ወይስ ከጎረቤቱ? አራቱ የአንድ ጠርሙስ ልጆች ፍጹም ተመሳሳይ ሥዕል ካላቸው ሦስቱ ቀድተዋል ማለት ነው፤ አራት ዘሮች በአንድ ሰዓት በአንድ ልክ አይበቅሉምና። በሚቀጥለው ጊዜ ጠርሙሱን በጠረጴዛው መካከል አድርገው ልጆቹን በአራቱም ጎን ያስቀምጡ።

ተክሎቹ ከዚህ በኋላ በጠርሙሱ ውስጥ ብዙ አይቆዩም፤ ክኮቹ ሲያልቁ ምግብ ያጣሉ። በሚቀጥለው ሰኞ ጨርቁን በመቀስ በየዘሩ ይከፋፍሉትና ሥሩን ከጨርቁ ሳያላቅቁ ወደ አፈር ያዛውሯቸው፤ ሥሩ ጨርቁ ውስጥ ስለሚጠላለፍ ሲጎተት ይበጠሳል። የጥጥ ጨርቅ ከሆነ አፈር ውስጥ ራሱ ይበሰብሳል።